ማሽኑ አዝማቹን እንዲለይ

ዘፈን የሚሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች ከመጡ ወዲህ፣ ግጥም ያለው ሰው ሁሉ ድምፃዊና ባንድ ሳይፈልግ ግጥሙን በዜማ መስማት ችሏል። ግጥሙን ጽፎ ቁልፉን ይጫናል፤ ጥቂት ቆይቶ ዘፈን ይመጣለታል። ከዚያ ደስታ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ድምፁ ያምራል፣ መሣሪያው ይጥማል፣ ነገር ግን ዘፈኑ ማረፊያ የለውም። አዝማቹ እንደ ሌላው ስንኝ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ሁለተኛ ሲመጣ ደግሞ ዜማው ተለውጦ ይገኛል። አድማጭ አብሮ የሚያዜመው ነገር ያጣል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ግጥሙ በተጻፈበት መንገድ ላይ ነው። እኛ ግጥም የምንጽፈው ለሚያውቀን ሰው ነው። የግጥም ደራሲ ለድምፃዊ ወረቀት ሲሰጥ አዝማቹን አንድ ጊዜ ይጽፍና ቀጥሎ በሚመጣበት ቦታ ሁሉ «አዝማች» የሚል አንድ ቃል ብቻ ያሰፍራል። የሚደገም ስንኝ ጫፍ ላይ «2x» ወይም «፪ ጊዜ» ይላል። ድምፃዊው ይህን ያነብባል፣ የቀረውን ከዜማ ደራሲው ጋር ተነጋግሮ ይጨርሳል። ማሽኑ ግን የሚነጋገረው ሰው የለም። ያለው የፊደል ተራ ብቻ ነው። «አዝማች» የሚለውን ቃል እንደ አንድ የግጥም ቃል ቆጥሮ ሊዘፍነው ይችላል፤ «፪ ጊዜ»ንም እንዲሁ።

የዘፈንን አወቃቀር መጠበቅ ለእነዚህ ሥርዓቶች ከጥንትም ከባድ ነበር። ኦፕን ኤአይ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁክቦክስ የተባለውን የዘፈን ሞዴል ይፋ ሲያደርግ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያመኑት አንድ ጉድለት ይህ ነበር፦ ሞዴሉ ለጥቂት ጊዜ የሚያምር ሙዚቃ ያወጣል፣ ነገር ግን እንደሚደጋገም አዝማች ያለ ትልቅ ቅርጽ አይሰማበትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ2024 መጋቢት ወር የወጣው የሱኖ 3ኛ ቅጂ እስከ 2 ደቂቃ የሚደርስ ዘፈን ይሠራ ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው 3.5 እስከ 4 ደቂቃ፣ በ2025 የወጣው 4.5 ደግሞ እስከ 8 ደቂቃ ደረሰ። ዘፈኑ በረዘመ ቁጥር የት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ መንገር ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። የሚነገረውም በግጥሙ ውስጥ በሚገቡ ምልክቶች ነው።

ምልክቶቹ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የሚጻፉ አጫጭር ቃላት ናቸው። ሱኖ ላይ የራስን ግጥም ለማስገባት ለዚሁ የተዘጋጀውን አማራጭ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ Lyrics የሚል የግጥም ሳጥንና Styles የሚል የሙዚቃው ዓይነት የሚገለጽበት ሳጥን ለየብቻ ይመጣሉ። የአወቃቀር ምልክቶቹ የሚገቡት በግጥሙ ሳጥን ነው። `[Verse 1]` ታሪኩ የሚተረክበትን የመጀመሪያ ክፍል፣ `[Chorus]` አዝማቹን፣ `[Bridge]` ከሁለቱም የተለየውንና አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው አዝማች በፊት የሚመጣውን ክፍል ያመለክታሉ። `[Intro]` መግቢያው፣ `[Instrumental]` ያለ ድምፅ መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት፣ `[Outro]` መዝጊያው ነው። ምልክቱ ለብቻው አንድ መስመር ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ክፍል በፊትም አንድ ባዶ መስመር ይተዋል። አማርኛ ግጥም ሲሆንም ምልክቱን በእንግሊዝኛ መጻፉ ይመረጣል። ምክንያቱም ሞዴሉ በብዛት ያየው በዚያ መልክ ነው፤ `[አዝማች]` ብለን ብንጽፍ የግጥሙ አካል መስሎት የመዝፈኑ ዕድል ይጨምራል።

እስከዚህ ያለውን አብዛኛው ተጠቃሚ ያውቀዋል። ሆኖም ምልክቱን በትክክል አስገብቶም አዝማቹ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ምልክቱ ትእዛዝ ስላልሆነ ነው። ሞዴሉ እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም «ኮረስ» የሚለውን አይቶ የኮረስ ክፍልን አይከፍትም። የተማራቸውን ዘፈኖች መሠረት አድርጎ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲመጣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚከተል ይገምታል። በግምቱ ውስጥ ምልክቱ አንድ ፍንጭ ነው፤ የስንኙ ርዝመት ሌላ ፍንጭ ነው፤ የቃላቱ መደጋገም ሦስተኛ ፍንጭ ነው። ሦስቱ ሲስማሙ ክፍሉ ጎልቶ ይወጣል። ምልክቱ «አዝማች» እያለ ስንኙ ግን እንደ ቨርሱ ረጅምና ያልተደገመ ከሆነ፣ ሞዴሉ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ስንኙን ነው።

ይህን በአንድ ግጥም እንየው። ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተጻፈ ነው፤ ስደት ላይ ላለች እህት የሚዘፈን። ቨርሱ በወል ቤት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል።

```
[Intro]

[Verse 1]
እናቴ ደጅ ቆማ፣ መንገዱን ታያለች
ስኒውን ደርድራ፣ ስምሽን ትጠራለች
ስልኩ ሲጮህ ሁሉ፣ ልቧ ይሸበራል
አንቺ ካልሆንሽማ፣ ፊቷ ይጠቁራል

[Chorus]
ደውዪ እህቴ
ድምፅሽ ይድረሳት
ርቀቱ ሳይሆን
ዝምታው ጎዳት
ደውዪ እህቴ
ድምፅሽ ይድረሳት
ርቀቱ ሳይሆን
ዝምታው ጎዳት

[Instrumental]
```

ቨርሱ በአሥራ ሁለት ቀለም ሲሄድ አዝማቹ ወደ አምስት ይወርዳል። ይህ ለውጥ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስንኙ ሲያጥር ዜማው በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ረዘም ብሎ ለመቆየት ቦታ ያገኛል፤ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይለጠጣል። አዝማቹም በወል ቤት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከላዩ `[Chorus]` ብንልም ማሽኑ የቨርሱን ዜማ ይዞ እንዳይቀጥል የሚከለክለው ነገር በግጥሙ ውስጥ አይገኝም ነበር።

አራቱ የአዝማች ስንኞች እዚያው ሁለት ጊዜ መጻፋቸውም ምክንያት አለው። ዘፈኑ በደቂቃ 90 ምት የሚሄድ፣ በአንድ ባር 4 ምት ያለው ነው እንበል። አንድ ባር 2.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የቨርሱ ስምንት ሐረጎች እያንዳንዳቸው አንድ ባር ቢወስዱ ቨርሱ 8 ባር፣ ማለትም 21 ሰከንድ ያህል ይሆናል። አዝማቹ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጻፍ ግን 4 ባር ነው፤ በ11 ሰከንድ ያልቃል። አድማጭ ሳይጨብጠው ያልፋል፤ ማሽኑም እንደ ቨርሱ ጭራ ቆጥሮ ያያይዘዋል። ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ከቨርሱ እኩል 8 ባር ይሆንና ራሱን የቻለ ክፍል ይሆናል። በወረቀት ላይ «2x» የምንለውን ለማሽኑ በሙሉ መጻፍ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቀሪው ክፍል እንዲህ ይቀጥላል፤ በሁለተኛውም ሆነ በመጨረሻው አዝማች ቦታ ከላይ ያሉት ስምንት መስመሮች ሳይቀነሱ ይገባሉ።

```
[Verse 2]
አንቺም በሰው አገር፣ ሥራ በዝቶብሻል
ቀን ከሌት ስትለፊ፣ ድካም ወድቆብሻል
አንዲት ደቂቃ ግን፣ ከእንቅልፍሽ ቀንሺ
እማዬ በይና፣ ልቧን አስታግሺ

[Chorus]

[Bridge]
ብር አትላኪ
ልብስ አትላኪ
አንድ ቃል ብቻ
በስልክ ላኪ

[Chorus]

[Outro]
```

ሁለተኛው ቨርስ የመጀመሪያውን ልክ በሚገባ ይከተላል፤ አራት ስንኝ፣ ስድስት በስድስት። ሞዴሉ ሁለተኛውን ቨርስ በመጀመሪያው ዜማ እንዲዘፍነው የሚጋብዘው ይህ እኩልነት ነው። ሁለተኛው ቨርስ ስድስት ስንኝ ቢሆን ወይም ቀለሙ ቢዛነፍ፣ ማሽኑ ትርፉን ለማስገባት ሲል ወይ ቃላቱን ያጣድፋል፣ ወይ አዲስ ዜማ ይፈጥራል። ብዙ አማርኛ ግጥሞች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ደራሲው ሐሳቡ ሲሞላለት ሁለተኛውን ቤት ያስረዝማል፤ ድምፃዊ ያንን በልምዱ ያጣጥመዋል፣ ማሽኑ ግን ቅርጹ እንደተለወጠ ይቆጥረዋል።

ብሪጁ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ስንኙ አራት ቀለም ነው፣ ቃሉ ይደጋገማል፣ የሚናገረውም ሌላ ነው፤ እስካሁን «ደውዪ» ሲባል ቆይቶ አሁን ብርም ልብስም አትላኪ ወደ ማለት ይዞራል። ብሪጅ በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኝ ክፍል አይደለም፤ ብዙዎቹ ዘፈኖቻችን በቨርስ፣ በአዝማችና በመሣሪያ ጨዋታ ብቻ ይሄዳሉ። ስለዚህ ማስገባት ግዴታ አይደለም። ከገባ ግን መለየት አለበት። «ብሪጅ አስገባሁ፣ ሦስተኛ ቨርስ ሆኖ ወጣ» የሚል ሰው ግጥሙን ቢመለከት አብዛኛውን ጊዜ ብሪጁን በዚያው በቨርሱ ምት ጽፎት ያገኘዋል። መፍትሔው ሌላ ምልክት መጨመር አይደለም፤ የስንኙን ምት መለወጥ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ለአማርኛ ጸሐፊ ልዩ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ። አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። እኛ «ድምፅ»ንም «ድምጽ»ንም እንጽፋለን፤ «ሥራ»ና «ስራ»፣ «ሐሳብ»ና «ሀሳብ» ለዓይናችን ልዩነት የላቸውም። ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። በመጀመሪያው አዝማች «ድምፅሽ ይድረሳት» ብሎ በሁለተኛው «ድምጽሽ ይድረሳት» ማለት፣ ከሦስቱ ፍንጮች አንዱን ማለትም መደጋገሙን ማላላት ነው። ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጋ ነጠላ ሠረዝ አድርጎ ሌላው ጋ መተው ትንፋሹን ሊለውጠው ይችላል። ቀላሉ መንገድ አዝማቹን ዳግም በእጅ አለመጻፍ ነው። አንዴ የተጻፈውን ገልብጦ መለጠፍ ይበቃል።

የማዕዘን ቅንፉንና ክቡን ቅንፍ መለየትም ያስፈልጋል። በክብ ቅንፍ የተጻፈ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይዘፈናል፤ እንደ ተቀባይ ድምፅ ከኋላ ሆኖ ይመጣል። «ደውዪ እህቴ (ደውዪ ደውዪ)» ቢባል ቅንፍ ውስጥ ያለውን ተቀባዮች ሊሉት ይችላሉ። ይህ ለአማርኛ ዘፈን ጥሩ ዕድል ነው፤ አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን በዚህ መልክ መጻፍ ይቻላል። ችግሩ ማስታወሻን በክብ ቅንፍ ስንጽፍ ነው። «(ቀስ ብሎ)» ወይም «(ከአዝማች በኋላ ማሲንቆ)» ያለ ሰው ያንን ማስታወሻ በዘፋኙ ድምፅ መልሶ ሊሰማው ይችላል።

በማዕዘን ቅንፍ ውስጥም ቢሆን ማብዛት አይረዳም። አንዳንዱ ተጠቃሚ ከእያንዳንዱ ቨርስ በላይ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የዘፋኙን ስሜት፣ የምቱን ፍጥነት አንድ ላይ አጭቆ ረጅም ምልክት ይጽፋል። ሁለት ነገር ይበላሻል። ምልክቱ በረዘመ ቁጥር ግጥም መምሰል ይጀምርና የመዘፈን ዕድሉ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ አዝማቹ የሚለው ዋና ፍንጭ በሌሎቹ ቃላት ይዋጣል። መሣሪያው፣ የዘፋኙ ድምፅ ዓይነትና ፍጥነቱ ቦታቸው የስታይል ሳጥኑ ነው። በግጥሙ ውስጥ አንድ ክፍል ከሌላው እንዲለይ የግድ ካስፈለገ አንድ ቃል ብቻ መጨመር ይሻላል።

ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ደግሞ በጆሮ መመርመር ይቀራል። ሱኖ በአንድ ጊዜ ሁለት ቅጂ ስለሚያወጣ ማወዳደር ቀላል ነው፤ ሁለቱ ተመሳሳይ ስህተት ካሳዩ ጥፋቱ ከግጥሙ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ያስፈልጋል። በአንዱ ብቻ ከታየ ግን አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ግጥሙን ከመነካካት በፊት ደግሞ ማሠራት ይበጃል። ስናዳምጥ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን አዝማች መነሻ ብቻ እየቆረጡ አከታትሎ መስማት ጥሩ መፈተሻ ነው። «ደውዪ እህቴ» የሚለው በሁለቱም ጊዜ በአንድ ድምፅ ከፍታ ከተነሳ አዝማቹ ተይዟል። ካልሆነ መጀመሪያ ፊደላቱ አንድ መሆናቸውን፣ ቀጥሎ ከአዝማቹ በፊት ባዶው መስመር መኖሩን ማየት ነው።

ሌላው የተለመደ ጉድለት መጨረሻው ላይ ይመጣል። ግጥሙ አልቆ ዘፈኑ አያልቅም፤ ማሽኑ ቃል ያልሆነ ነገር ማንጎራጎር ወይም አዝማቹን መቆራረጥ ይጀምራል። `[Outro]` ብሎ መጨረስ ይረዳል፤ ብዙ ተጠቃሚዎች ከሥሩ `[End]` ብለው ይጨምሩበታል። በተቃራኒው ዘፈኑ ግጥሙ ሳያልቅ ከተቋረጠ ግጥሙ ለተመደበው ጊዜ በዝቷል ማለት ነው። የእኛን ምሳሌ ብንደምረው ሁለቱ ቨርሶች፣ ሦስቱ አዝማቾች፣ መግቢያውና የመሃሉ መሣሪያ 8 ባር 8 ባር ቢወስዱ፣ ብሪጁና መዝጊያው 4 ባር 4 ባር ቢሆኑ፣ በጠቅላላው 64 ባር ይሆናል፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ግጥም ከማስገባት በፊት እንዲህ አስቦ ማየት ብዙ ድካም ያተርፋል።

አንድ ክፍል ብቻ ተበላሽቶ ሌላው ካማረ ሙሉውን መጣል አያስፈልግም። ሱኖ `Extend` በሚለው ከአንድ ሰከንድ አንስቶ ዘፈኑን እንደ አዲስ ማስቀጠል ይቻላል፤ ለምሳሌ እስከ ሁለተኛው አዝማች መጨረሻ ያለውን ይዞ ከብሪጁ ጀምሮ ያለውን ግጥም ብቻ፣ ምልክቶቹን እንደያዘ፣ ማስገባት ነው። በ2024 ሚያዝያ ወር የወጣው ዩዲዮ ደግሞ መጀመሪያውኑ በዚህ መንገድ ነበር የሚሠራው፦ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቁራጭ ያወጣል፤ ተጠቃሚው ከፊቱ መግቢያ፣ ከኋላው ሌላ ክፍል ወይም መዝጊያ ይቀጥልበታል። ክፍል በክፍል መሥራት ጊዜ ቢወስድም ብሪጅን ለማስተካከል ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ማሽኑ የሚያተኩርበት ጽሑፍ አጭር ስለሚሆን።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ማሽኑ አንዳንዴ የራሱን ይሠራል። የተጻፈውን ክፍል ይዘላል፣ ያልተጻፈ መሣሪያ ያስገባል፣ የሚጠብቀውን ፊደል ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ይህኛውን ስህተት በምልክት ማስቀረት አይቻልም፤ ቃሉን በማያሻማ ሌላ ቃል መተካት ብቻ ነው የሚያዋጣው። በአወቃቀሩ በኩል ግን ጸሐፊው ብዙ ሥልጣን አለው።

ስለዚህ ግጥምዎን ወደ ሳጥኑ ከማስገባትዎ በፊት ምልክቶቹን በሙሉ አንስተው አንዴ ጮክ ብለው ያንብቡት። ምልክት በሌለበት አዝማቹ አዝማች መሆኑ፣ ብሪጁም ሌላ መሆኑ በጆሮዎ ከታወቀ፣ ምልክቶቹን መልሰው ያስገቡ፤ ማሽኑም የመከተል ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልታወቀ ግን ቅንፍ መጨመሩን ትተው ስንኙን ያስተካክሉ።